ከአተሩ ዳር የቆጠርኩት

ከድርቁ በኋላ በዘመቻ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ወዳለች ቀበሌ ስመደብ የግብርና ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ስለ ተባይ የማውቀው አንድ ደብተር ይሞላል፤ ደብተሩንም በቃሌ ይዤዋለሁ።

በመስከረም አንዲት እናት መጥተው አተራቸውን ክሽክሽ፣ ያ ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ፣ እንደወረረው ነገሩኝ። ያላቸው ማሳ እሱ ብቻ ነው። እሸቱ ከሳምንት በኋላ ይደርሳል፤ ጎተራው ባዶ ነበር።

መምህራችን "መድኃኒት የመጨረሻው ነው" ይሉ ነበር። መጀመሪያ ማሳው ይታያል፣ ተባዩን የሚበሉት ነፍሳት ይታያሉ፣ ከዚያ ይቆጠራል። ለአተር የሰጡን ልክ ከሦስት ተክል አንዱ ነው። ክሽክሽ የያዘው ከዚያ ካነሰ፣ የሚያጠፋው እህል የመድኃኒቱንና የድካሙን ዋጋ አያክልም። እዚያ ከደረሰ ግን ጉዳቱ ሳይብስ መነሳት ነው።

አምሳ ተክል ቆጠርኩ። ሃያ ስምንቱ ክሽክሽ ነበረባቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር የመድኃኒት መርጫውን ማሽን በጀርባቸው አዝለው ደረሱ።

"ከተረጨ እሸቱ መቼ ይበላል?" አሉ እናትየው።

"ከሁለት ሳምንት በኋላ።"

"ታዲያ ክሽክሹ አተሬን ይጨርሳል ወይስ ረሃቡ እኛን ይጨርሳል?"

ወደ ማሽኑ ዞርኩ። እሳቸው ግን እግሬን አዩ። "አንተ ዘማች፣ ጫማህ ጤዛ እንኳ አልነካው። የት ቆመህ ነው የቆጠርከው?"

ከዳር ነበር የቆጠርኩት። አተሩ በብተና የተዘራ ስለሆነ መግቢያ የለውም። በዚያ ዓመት የሰው እህል መርገጥ አልቻልኩም። ክሽክሽ ግን መጀመሪያ የሚሰፍረው ከዳር ነው፤ ይህም ደብተሬ ላይ ነበረ።

"አብሽር፣ እኔ አስገባሃለሁ" ብለው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀደሙኝ። እግራቸው ባረፈበት እያረፍኩ፣ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዝን ከአምስት ቦታ አሥር አሥር ተክል ቆጠርን። ክሽክሽ ያለባቸው አሥራ አንድ ብቻ ሆኑ። ነጠብጣብ ያለባቸው ቀያይ ጥንዚዛዎች ክሽክሹን ይቆረጥሙታል፤ ጥቋቁር እጮቻቸውም ከእነሱ ብሰው ይበላሉ።

"አሥራ አንድ!" ብዬ ጮህኩ። ሳቄን ማቆም አቃተኝ፤ እሳቸውም ሳቁ።

"ምን ሆናችሁ?" አሉ ሊቀመንበሩ ከዳር።

"ማሽኑን ያውርዱት። ብንረጭ ጥንዚዛውም አብሮ ያልቃል። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሜ እቆጥራለሁ።"

"ይሄን ሁሉ መንገድ ያዘልኩት ለጌጥ ነው?"

"ያምርብዎታል" አሉ እናትየው።

ሦስቱን ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም። ቢጨምርስ? በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ገባሁ፤ ሰባት። ከማሳው እስከ ደጃቸው ዘለልኩት።

በሳምንቱ እሸት ቀጥፈው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። እንዲህ የጣፈጠኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

"ስንት በላህ፣ ቆጣሪው?" አሉኝ።

አልቆጠርኩም ነበር።