ለእኔ ያልተላኩ ኮዶች

የድሮ ሲም ካርዴ አባያ ሐይቅ ውስጥ ነው። ከጀልባ ላይ ጎንበስ ስል ስልኬ ከደረት ኪሴ ሾልኮ ገባ። ምትክ ማውጣት ስችል «አዞው ይደውልበት» እያልኩ ስፎክር ከረምኩና አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለ ሱቅ አዲስ ቁጥር ገዛሁ። ሻጩ ማንም ያልነካው ነው ብሎኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ኮድ ይመጣልኝ ጀመር። አምስት አሃዝ፣ ከሥሩም ለማንም እንዳልሰጥ የሚያስጠነቅቅ አንድ መስመር። ስልኬ ባለ ቁልፍ ነው፤ ከመደወልና ባትሪ ከማብራት ሌላ ሙያ የለውም፤ ኮዱ ምን ሊሠራበት እንደሚመጣ አላወቅሁም። ለመሥሪያ ቤት ሰው ግን በቀን መቶ ይመጣልኛል እያልኩ አወራ ነበር። እውነቱ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ምንም ነው።

የመዝገብ ቤቷ ባልደረባዬ ነገሩ ገባት። ቁጥር ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ የቀድሞው ባለቤት በቁጥሩ የከፈተው የመልእክት አካውንት ግን ወዲያው አይዘጋም አለችኝ። ኮዱ የዚያ በር ቁልፍ ነው። «ለሚደውልልህ በስልክ እንዳትሰጥ፣ ራስህም እንዳትገባበት። የእኔ ነው የሚል ካለ በአካል ይምጣና ዓይን ለዓይን ተያዩ» አለች። አልሰጥም ብዬ ማልኩ። የቀረውን ምክሯን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ ደወለች። ድምጿ የጨንቻ ነው፤ አማርኛዋን እየመረጠች ትናገራለች። «ጋሼ፣ አሁን የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ፤ የእህቴ ስልክ ነበር» አለችኝ። አጭበርባሪ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። አልሰጥም ብዬ ብዘጋ ኖሮ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ባልደረቦቼ እየሰሙ፣ ከራሴ ፈጥሬ አምስት አሃዝ ነገርኳት። አልሠራም ብላ ደወለች፤ ሌላ ፈጠርኩ። በሦስተኛው የባለቤቴን የጫማ ቁጥርና የእኔን ዕድሜ ገጣጥሜ መጨረሻው ላይ ዜሮ ጨመርኩ። ቢሮው በሳቅ ተናወጠ። ልጅቷ ስልኩ ብዙ ጊዜ ተሳስተሻል፣ ጠብቂ አለኝ ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲያ አልደወለችም፤ ኮዱም ቆመ።

ከሁለት ወር በኋላ አባቷ ደወሉ። ልጄ አስቀይማዎት ከሆነ ይቅር ይበሉን ብለው ጀመሩ። ትልቋ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ መኪና ተገልብጦ ሞታለች፤ ስልኳም እዚያው መንገድ ላይ ጠፍቷል። ቁጥሩ በእሷ ስም ስለነበር የውርስ ወረቀት ሲያፈላልጉ ጊዜው አለፈና እኔ ዘንድ መጣ። ለመዘምራን የምታወጣቸውን መዝሙሮች በጋሞኛ እየቀዳች፣ በዚያ አካውንት ለራሷ ትልክ ነበር። ለሌላ ሰው አልላከችም፤ ገና አልጨረስኳቸውም ትል ነበር። ድምጿ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

«ትንሿ ያ ሰውዬ ተጫወተብኝ ብላ እንደገና አልደውልም አለችኝ» አሉ።

ኮዱን አሁን ልላክ አላልኩም። ሲሙን ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ጨንቻ ወጣሁ። ዳገቱን ስንወጣ የአርባ ምንጭ ሙቀት ከላዬ እየተገፈፈ ሄደ፤ ከተማዋ ላይ ጉም ተኝቷል። ከቤታቸው በታች ካለው መስክ ለምለም ሳር ነጨሁ። እዚህ አገር ይቅርታ የሚጠይቅ ሽማግሌ ሳር ይዞ ይመጣል። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፣ ዕድሜ ልኬን ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄ ግን ባዶ መሆኑን አልቻልኩም።

አባትየው ከሸማ መሥሪያቸው ጉድጓድ ወጥተው ሳሩን ተቀበሉኝ፤ እንዲህ የሚያደርግ ጥፋት ነው እንዴ አሉ። ትንሿ ልጅ ቀና ብላ አላየችኝም። ቀልድ የለመደው አፌ ስለ አዞው አንድ ነገር ሊል ተነሣና ዋጥኩት።

ስልኳን አመጣች። ቁጥሩን ስትጽፍ የእኔ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። መልእክቱን ከፍቼ በእጇ ሰጠኋት። አምስቱን አሃዝ አንድ በአንድ አስገባች። ተቀበላት። አባትየው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ሊሰሙ መሆኑ ነው።

ድምፅ የለም። ልጅቷ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረች። ለረጅም ጊዜ ያልተገባበት አካውንት በራሱ እንደሚጠፋ የመዝገብ ቤቷ ባልደረባዬ ኮዱ ይመጣልኝ በነበረበት ሰሞን ነግራኝ ነበር። ከሁለት ወር በፊት፣ እኔ ስቀልድባት፣ ይኖር እንደነበር ማወቅ አልችልም። አለመኖሩንም ማወቅ አልችልም።

«ምን ይላል?» አሉ አባትየው። ማንበብ አይችሉም።

እኔ አነበብኩላቸው።

«አዲስ ነዎት፣ ስምዎን ይጻፉ ይላል።»

አባትየው ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። «የእህትሽን ጻፊያ» አሏት።