እትዬ ካርቶንና የአሥር ቀኑ ቅናሽ

የሳሙና ፋብሪካው አዲስ ትእዛዝ የደረሳት ዕለት እትዬ ካርቶን ስልኳን እንደያዘች ከመቁረጫው ማሽን እስከ ማጣበቂያው ጠረጴዛ እየጨፈረች ሄደች። ስሙን ያወጡላት አብረዋት ሳጥን የሚያጥፉት ሴቶች ናቸው። እሷም ወዳዋለች፤ እንዲያውም ወላጆቿ ባወጡላት ስም የሚጠራት ሲመጣ ለአፍታ ግር ይላታል። ስትደሰት ደግሞ ቤት አይበቃትም። ያን ቀን ሴቶቹን አንድ በአንድ ስታቅፍ ሙጫ የነካ እጇ በሁሉም ሽርጥ ላይ ታትሞ ቀረ።

ደስታው እስከ ወረቀት ነጋዴው መጋዘን ድረስ አደረሳትና እዚያ ቀጥ አለ።

«ይኼን ሁሉ ወረቀት በዱቤ? ለእናቴም አልሰጥ!» አላት ነጋዴው። «እጅ በእጅ ካመጣሽ ግን አምስት በመቶ እቀንስልሻለሁ። እስከ ቅዳሜ አቆይልሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ፈላጊ አለው፣ እንዳትቀየሚኝ።»

እዚህ ላይ የሴትዮዋን ጉድ መናገር ሊኖርብን ነው። ሥራዋ ያተርፋል፣ ኪሷ ግን ባዶ ነው። ይህ እንቆቅልሽ የሚሆነው ነግዶ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ወረቀቱን ዛሬ ከፍላ ትገዛለች፣ ደሞዝ ከወር ወዲያ አይጠብቅም፣ የቤት ኪራዩም እንደዚያው፤ ሳጥኑን የወሰደው ደንበኛ ግን የሚከፍላት ደስ ባለው ጊዜ ነው። ትርፏ ሰው ካዝና ውስጥ ተኝቶ ያንኮራፋል። ለዓመታት «መቼ ትከፍሉኛላችሁ?» ማለት ያሳፍራት ስለነበር በክፍያ መጠየቂያዋ ላይ የመክፈያ ቀን የሚባል ነገር ጽፋ አታውቅም። በቅርቡ ግን ወገቧን ታጥቃ ተነሣችና ከግርጌው በቀይ አሳተመች፦ «ሙሉው ሒሳብ መጠየቂያው በተጻፈ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይከፈል። በአሥር ቀን ውስጥ ለከፈለ ሁለት በመቶ ይቀነሳል።»

ደንበኞቿ ለቅናሹ የሚጋፉ መስሏት ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሁሉም ሠላሳውን ቀን ጠብቆ፣ አንዳንዱም አልፎት ከፈለ። ነገሩ አንገበገባት፤ በነፃ የሰጡትን ገንዘብ የሚንቅ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ከመጋዘኑ ስትመለስ ባሏን ፒካፑን ሲያጥብ አገኘችው። ሳጥኖቿን የሚያደርሰው እሱ ነው፤ መኪናዋን ደግሞ እንደ ልጁ ነው የሚያያት። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እሱም ጨርቁን እየጨመቀ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «ቅዳሜ ገዢ ይመጣል። አነጋግሬዋለሁ» አላት።

«የምን ገዢ?»

«የመኪናዋ። ትእዛዙ እንዳያመልጥሽ ብዬ ነው።»

እትዬ ካርቶን የቀልዱን መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ያኔ ሁለት በመቶዋን የናቀባትን ሰው ፊት ለፊት ሳታየው መኪናዋ እንዳትሸጥ ለራሷ ማለች።

በማግሥቱ መሐል ከተማ ካለው የሳሙና ፋብሪካው ዋና መሥሪያ ቤት ገብታ ክፍያ ክፍልን ጠየቀች። ሒሳብ ሹሙ ግንባራቸው ላይ የሰቀሉትን መነጽር በየመሳቢያው ሲፈልጉ ደረሰችባቸው።

«ግንባርዎ ላይ ነው ጋሼ። ለመሆኑ ሁለት በመቶዬ ምን በደለዎ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውርደው አዩዋትና ሳቃቸው መጣ። «ልጄ፣ እኔ እኮ የምሞትለት ነገር ነው! ሃያ ቀን ለቀደምኩበት ሁለት በመቶ ማለት በዓመት ሲታሰብ ከሠላሳ ስድስት በመቶ ይበልጣል። የትኛው ባንክ ይሰጠኛል? ሥራ አስኪያጁም ያመሰግነኝ ነበር። ግን ተመልከቺ።»

ገና ያልተከፈሉ አራት መጠየቂያዎቿን ዘረጉላት። ከእያንዳንዱ ራስ ላይ እሷ የጻፈችው ቀን አለ፤ ከጎኑ ደግሞ የደረሳቸውን ቀን የያዘው የገቢ ማኅተማቸው። በጻፈችውና በማኅተሙ መካከል አንዱ አሥራ አንድ፣ ሌላው አሥራ ሦስት ቀን አልፎታል። «ቅናሽሽ እኔ ጋ የሚደርሰው ሬሳው ነው» አሉ።

እትዬ ካርቶን ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ነገሩ ወለል ብሎ ታያት። ሳጥኑ የሚራገፈው ከከተማ ውጭ ካለው መጋዘን ነው፤ መጠየቂያው ግን እዚህ መምጣት አለበት። ባሏ ለአንዲት ወረቀት ነዳጅ ማቃጠል ነውር ስለሚመስለው እስኪጠራቀምለት ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሰክቶ ይዞራል ማለት ነው። ሳቅ አፈናት። ሽማግሌው ውኃ ሊያስመጡ ተነሡ።

«ደኅና ነኝ ጋሼ፣ ደኅና ነኝ! አሥሩ ቀን እርስዎ ማኅተም ካደረጉበት ይቆጠር ብልስ?»

«እንደዚያማ ከሆነ አራቱም ገና በሕይወት አሉ። ጻፊና ፈርሚልኝ፣ ነገ ከሚወጣው ክፍያ ጋር አስገባዋለሁ።» ከዚያ ብዕራቸውን ያዝ አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ግን ልጄ፣ ከአራቱ ድምር፣ ከሦስት መቶ ሺህ ላይ ስድስት ሺህ ማጣትሽ ነው። ይጎዳሽ የለም?»

«ባልቸኩል ኖሮ ይጎዳኝ ነበር። ወረቀቱ መቶ ሰማንያ ሺህ ነው፤ እጅ በእጅ ከከፈልኩ ነጋዴው ዘጠኝ ሺህ ይተውልኛል። ለእርስዎ ስድስት ሰጥቼ ከሱ ዘጠኝ እወስዳለሁ። የተረፈውም ለደሞዝ ይሆነኛል።»

«አንቺማ እኔ ወንበር ላይ ነበር መቀመጥ ያለብሽ» አሉና ወረቀቱን አቀረቡላት።

ማታ ለባሏ ስትነግረው መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ነዳጅ ልቆጥብልሽ ብዬ እኮ ነው!» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ቆይ፣ እኔ ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ መኪናዬን ልሸጥ ነበር?» ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ዓርብ ዋለ፣ ገንዘቡ ግን አልመጣም። ቅዳሜ ጠዋት ገዢው መጣ። ጎማ በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ ኮፈኑን አስከፍቶ አንገቱን ሞተሩ ውስጥ ቀበረ። ባሏ ቁልፉን በመዳፉ ጨብጦ ቆሟል። እትዬ ካርቶን በዓይኗ ጎትታ መልእክት የምታወጣበት ይመስል ስልኳ ላይ አፍጥጣለች። ነጋዴው የሰጣት ቀን ዛሬ ነው፤ ገዢው ዋጋ ጠርቶ ከጨረሰ ደግሞ እምቢ የምትልበት አቅም የላትም።

ስልኳ ጢር አለ። የባንክ መልእክት፦ ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሺህ።

ጩኸቷ ገዢውን አስደንግጦ ጭንቅላቱን ከኮፈኑ ጋር አጋጨው። «አትሸጥም! ይቅርታ ወንድሜ፣ አትሸጥም!» እያለች ግንባሩን ታሽለታለች። ሰውዬው በሕመሙ ላይ ዋጋ ጨመረ። ባሏ ራሱን ነቀነቀ።

ወደ ወረቀት መጋዘኑ ሊበሩ ከጎኑ ዘላ ገባች። አፏ አላረፈም፤ ከዛሬ ጀምሮ መጠየቂያው የተጻፈ ዕለት ይደርሳል፣ ነዳጁን እኔ እሞላለሁ፣ ሌሎቹ ደንበኞችም ይኼን ቅናሽ ገና ይሻሙበታል ትላለች። ቦርሳዋን ልታስቀምጥ ወደ ኋላ ስትዞር ከወንበሩ ጀርባ ራሷ የሠራችውን የሳሙና ሳጥን አየች። ውስጡ ያሉት የባሏ ዕቃዎች ናቸው፤ የአንገት ፎጣው፣ ማበጠሪያው፣ ከመሪው አጠገብ ለጥፎት የኖረው የሠርጋቸው ፎቶ። ሁሉንም ነቅሎ፣ አጣጥፎ፣ ሳጥኑን በደንብ ዘግቶ አስቀምጦታል።

ወሬዋ ተቋረጠ። ፎቶውን አወጣችና የቀድሞ ቦታው ላይ በእጇ ደግፋ ያዘችው። ሙጫ አልነበራትም፤ መጋዘኑ እስኪደርሱ ድረስ እያለቀሰች እንደያዘችው ሄደች።