የጋደለው መንገድ ትክክለኛ ፍጥነት

በወረርሽኙ ጊዜ ፊዚክስ የማስተምረው ከመኝታ ቤቴ ነበር። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ያለው ሃይስኩላችን ተዘግቶ፣ ተማሪዎቼ ስክሪኑ ላይ ስም ብቻ ሆነው ቀርተዋል። ትምህርቱን የምንሰጠው እኔና የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ነን፤ ፈተናው የጋራ ነው። የሚያወጣው እሱ ነው፣ የሚያርመው ኮምፒዩተር ነው፣ መልሱን ለኮምፒዩተሩ የሚሰጠውም እሱ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከተማሪዎቼ አንዷ ደወለችልኝ። ወላጆቿ ከአዲስ አበባ በዲቪ የመጡ፣ እሷ እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት።

"ቲቸር፣ እኔ ቺት አላደረግኩም" አለች። "ኢሜል ለአባቴ መጣ። እኛ አራት ልጆች ሴም አንሰር አለን ብሎ።"

ኢሜሉን የላከው ኃላፊው ነው። የእኔ ተማሪዎች ናቸው፤ ለእኔ ግን አንዲት ቃል አልነገረኝም። አራቱም አንድ ዓይነት "የተሳሳተ" መልስ ስለሰጡ ተኮራርጀዋል ብሎ ለወላጆቻቸው ጽፏል።

ፈተናውን ከፈትኩ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ሬዲየሱ ሃምሳ ሜትር የሆነ ጥምዝ መንገድ ወደ ውስጥ ሃያ ዲግሪ ጋድሏል። መንገዱ ላይ ምንም ሰበቃ የለም። መኪናው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይንሸራተት ለመዞር በስንት ፍጥነት ይሂድ? አራቱ ልጆች በሰከንድ አሥራ ሦስት ነጥብ አራት ሜትር ብለዋል። ትክክል ነው። የኃላፊው መልስ አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት ይላል።

ስህተቱ የት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። መንገዱ መኪናውን የሚገፋበትን ኃይል፣ ተዳፋት ላይ ቁልቁል እንደሚንሸራተት ሳጥን አድርጎ፣ ክብደት ሲባዛ በኮሳይን ብሎታል። ሳጥኑ ግን የሚፈጥነው በተዳፋቱ አቅጣጫ ነው፤ መኪናው የሚፈጥነው በአግድም፣ ወደ ክቡ መሃል ነው። ስለዚህ የግፊቱ ሽቅብ ክፍል ክብደቱን ሙሉ በሙሉ መሸከም አለበት፤ አግድም ክፍሉ መኪናውን ያዞረዋል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስናካፍል የመኪናው ክብደት ይሰረዛል። የፍጥነቱ ካሬ ሬዲየሱ በስበት ፍጥንጥነት፣ ከዚያም በአንግሉ ታንጀንት ሲባዛ የሚገኘው ነው። የጭነት መኪናም ሆነ ታክሲ ፍጥነቱ አንድ ነው።

የባሰው ደግሞ፣ ኃላፊው በራሱ ክፍል ስህተቱን አስተምሮ፣ የእሱ ተማሪዎች ሙሉ ነጥብ አግኝተዋል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ተገናኘን። ልጅቷም ትግባ ብዬ ጠየቅሁ፤ ፊቱን አኮሳተረ፣ ግን ፈቀደ።

"ተዳፋት ላይ ግፊቱ ክብደት ሲባዛ በኮሳይን ነው" አለኝ። "ማንኛውም መጽሐፍ ላይ አለ። ይህን ሳታውቂው ቀርተሽ ነው?"

ይህን ያህል ዓመት አስተምሬ እንዲህ መባሌ አናደደኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ልጅቷ በእንግሊዝኛ ተናገረች።

"በእርስዎ ፎርሙላ ሠላሳ ዲግሪና ስልሳ ዲግሪ አንድ ፍጥነት ይሰጣሉ" አለች። "ዘጠና ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። መኪናው እንደ ግድግዳ የቆመ መንገድ ላይ፣ ያለ ሰበቃ፣ ቆሞ ይቀራል ማለት ነው?"

ኃላፊው ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ፤ ሲጽፍ፣ ሲሰርዝ አየሁት። ከዚያ "አጣራለሁ" ብሎ ዘጋው።

ውሳኔው በማግስቱ መጣ። "ለሁሉም ፍትሐዊ እንዲሆን" ጥያቄው ከፈተናው ወጥቷል፤ የኩረጃው ጉዳይም "ተዘግቷል"። ተሳስቻለሁ የሚል ቃል የለም። ትክክል የመለሱት ነጥባቸውን አላገኙም። ለርዕሰ መምህሯ ጻፍኩላት፤ ጉዳዩ እልባት ስላገኘ ደስ ብሎኛል ብላ መለሰች። የትኛው እልባት? ልጆቹ በኩረጃ ሲወነጀሉ ኢሜሉ በየቤታቸው ደርሷል፤ ንጹሕ መሆናቸውን የሚነግር ኢሜል ግን ማንም አልጻፈም።

ስለዚህ እኔው ራሴ አራቱም ቤት ደወልኩ። የልጅቷ አባት ሺፍት ሊገባ የሚሠራበት ካዚኖ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር። ልጁ ትክክል እንደነበረች፣ የተሳሳተው አስተማሪው እንደሆነ ነገርኩት።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ። "እኔ ኢሜሉ የመጣ ቀን አላመንኳትም። ተቆጣኋት። ታዲያ ሰውዬው ይቅርታ ጠየቃት?"

"አልጠየቃትም። እኔ በትምህርት ቤቱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

"እርስዎ ምን አደረጉ?" አለኝ። "የእርስዎን አልቀበልም። የእሱን ነው የምፈልገው።"

እውነቱን ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ብንጠብቅም የኃላፊው ይቅርታ አልመጣም።