የአለቃ ጉክ አርባ ፎቶዎች

ታክ ሱኖክ በቡሳን ወደብ አጠገብ፣ ለመርከቦች ስንቅ በሚያቀርብ ትንሽ ቢሮ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ውሏ ግን ዛሬም በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። ለዚያም የቅርንጫፉ ኃላፊ አስተያየት ዛሬ እስከ እኩለ ቀን በኢሜይል ሴኡል ላለው ዋና መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ከሥራ ወጣች ማለት ነው።

ኃላፊው ጉክ በአሥር ዓመት ታናሿ ቢሆንም አንቺ ይላታል። የደረቀ ዓሣ እያኘከ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉርና ያወጣውን መልሶ ይውጠዋል። ባየችው ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

«የአንቺን ጠዋት ልኬዋለሁ። አሞግሼሻለሁ፤ ውለታዬን እንዳትረሺ» ብሏት ነበር።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከሴኡል ተደወለ። ከቅርንጫፉ ዛሬ አንድም ደብዳቤ አልደረሰንም አሏት። ታክ የቢሮውን ኮምፒውተር ስትከፍት በወጪ መልእክት ሳጥኑ ውስጥ ሰባት ደብዳቤ ተደርድሯል። ከፊት የቆመው ጉክ ለዋናው ሥራ አስኪያጅ የላከው ነው፤ የእሁዱ የተራራ ጉዞ አርባ ፎቶ። በሁሉም ላይ የሥራ አስኪያጁን ቦርሳ ተሸክሞ ይስቃል።

«አለቃ፣ ፎቶዎቹ ከብደው ከኋላ ያሉትን ሁሉ አግደዋል። ላንሳቸው?»

«የሥራ አስኪያጁን ደብዳቤ? እጅሽን ሰብስቢ። ቀስ ብሎ ይሄዳል።»

«ከጠዋት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም እኮ።»

«አንቺ ደግሞ ኮምፒውተር የት ታውቂና» ብሎ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ።

ታክ አልጠበቀችም። ኢሜይሉን ከመስመር ውጪ አደረገችው። ደብዳቤውን ልታነሳ ስትሞክር እየተላከ ነው ብሎ እምቢ አላት። ፕሮግራሙን ዘጋች፤ ትንሽ ቆይታ እንደገና ከፈተችው። መስመሩ እንደተቋረጠ ስለነበር መላኩ አልቀጠለም፤ ፎቶዎቹን ጎትታ ረቂቅ ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው።

ያኔ ከቀሩት ደብዳቤዎች በአንዱ ርዕስ ላይ ስሟን አየች። የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር መሆኑን እያወቀች ከፈተችው። «ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ኮምፒውተር አትችልም። ውሏ ባይታደስ ይሻላል» ይላል።

ይህንንም ወደ ረቂቅ ሳጥን አዛወረችና መስመሩን መልሳ ላክ የሚለውን ተጫነች። አምስቱ ደብዳቤዎች ተከታትለው ወጡ።

ጉክ ሲመለስ ለእኩለ ቀን አሥር ደቂቃ ቀርቷል።

«ፎቶዎቼ ሄዱ?»

«አልሄዱም። አሳንሼ ልልካቸው እችላለሁ፤ ሌላ የሚችል ካለ ደግሞ ይጥሩት።» ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረች። «የእኔስ፣ እንዲሁ እንዳለ ይሂድ?»

በቢሮው የነበሩት ሁለት ባልደረቦቿ ከሥራቸው ቀና አሉ። የጉክ ጆሮ ቀላ።

«እሱ... ገና ረቂቅ ነው» አለ።

«እንግዲያው ይጨርሱት።»

እሷ ከጀርባው ቆማ እያየች የቀድሞውን አጠፋ፤ ትጉህ መሆኗን፣ ቢሮው ያለእሷ እንደማይሆንለት ጻፈ። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ራሷ ላከችው፤ ከተላኩት መካከል መግባቱንም አየች።

«በይ አሁን ፎቶዎቹን» አለ ጉክ፣ ስንጥሩን መልሶ አፉ ውስጥ እየከተተ።

ታክ ተቀምጣ አንድ በአንድ ታሳንሳቸው ጀመር። ያ ጥርስ፣ ያ ቦርሳ። አንድ ዓመት አተረፈች፤ ዓመቱ ግን ከዚህ ሰው ጋር ነው። ተነስታ እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ ተመልሳም ቀጣዩን ፎቶ ከፈተች።