ኮማ ለአከራዩ የጻፈው ናሙና ደብዳቤ

ተማሪዎቹ «ኮማ» ይሉታል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያለቦታዋ ገብታ ካየ ምሳውን እስኪረሳ ይሟገታል፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ። ሥራው ባሕር ማዶ ሄደው ሊሠሩ የሚፈልጉ ሰዎችን ለእንግሊዝኛ ፈተና ማዘጋጀት ነው። ከቀለም መሸጫው በላይ ባለችው ክፍል ነርሱም፣ በያጁም፣ የጭነት ሹፌሩም ከሥራ መልስ እየደከማቸው ይመጣሉ።

የጽሑፉ ፈተና የመጀመሪያው ጥያቄ ደብዳቤ ነው። አንድ ችግር ይሰጥና ከሥሩ ሦስት ነጥብ ይደረደራል፤ ከሦስቱ አንዱን የዘለለ ነጥብ ይቀነስበታል። ከመቶ ሃምሳ ቃል ማነስ የለበትም፤ ሃያ ደቂቃ ግድም ይበቃዋል። ያን ሰሞን የያዙት ለአከራይ የሚጻፍ አቤቱታ ነበር፦ ችግሩ ምንድን ነው? ኑሮህን እንዴት አወከው? አከራዩ ምን እንዲያደርግ ትፈልጋለህ?

በሕፃናት ክፍል የምትሠራ አንዲት ነርስ ፈተናውን አንዴ ወድቃ ነበር፤ የጣላትም ጽሑፉ ነው። የጻፈችውን እንድታነብ ኮማ አዘዛት። እሷም እየተርበተበተች ያነበበችው ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦ «እንዴት ሰነበቱ? ቤትዎ በጣም ጥሩ ነው። ትንሽ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ግን ግድ የለም፣ ሲመችዎ ያዩታል።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «ይሄ አቤቱታ ነው ወይስ ምርቃት?» አለ በያጁ።

ነርሷ ፊቷ ቀላ። «እኔ ሰው መውቀስ አልችልበትም። በአማርኛ ያልቻልኩትን በእንግሊዝኛ ከየት አመጣዋለሁ?»

ኮማ አልሳቀም። «ናሙና ጽፌ አመጣላችኋለሁ» ብሎ አሰናበታቸው።

ቤቱ ከእናቱ ጋር የተከራያት ሁለት ክፍል ናት። አከራዩ በዚያው ግቢ የሚኖሩ ጡረተኛ መካኒክ ሲሆኑ የሟች አባቱ የልብ ወዳጅ ነበሩ። «ልጄ» ነው የሚሉት፤ እሱም «ጋሼ» ይላቸዋል። እናቱ የምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ከክረምቱ ጀምሮ ላብ እንደያዘው ሰው ሲያዥ ከርሞ፣ ጥጉ ጠቁሮ፣ ቀለሙ እየተላጠ ይረግፋል። እናቱ ደግሞ ድሮም ደረቷ ደካማ ነው። አልጋዋን ወደ መሃል ስቦላታል፤ ሽታው ግን ከአልጋው ጋር አብሮ መጣ።

ያን ምሽት ናሙናውን ሊጽፍ ሲቀመጥ ፈጠራ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ከጎኑ ያለውን ግድግዳ ጻፈ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ለምን እንደሚጽፍ ይናገራል፤ ሁለተኛው አንቀጽ እርጥበቱን፣ ሦስተኛው የእናቲቱን ሳል፣ አራተኛው የቧንቧ ሠራተኛ በሳምንት ውስጥ እንዲላክ መጠየቁን። ስድብ የለው፣ ልምምጥ የለው። እጁ አንዴም አልቆመም።

በማግሥቱ ለተማሪዎቹ አንድ በአንድ አስረዳ። «ትሁት ሁኑ፣ ግን አትለማመጡ። የአከራዩን ስም ካላወቃችሁ መዝጊያው ሌላ ነው፤ ስም ጠርታችሁ ከጀመራችሁ ደግሞ ሌላ። አድራሻ አትጻፉ፣ ጊዜ ማባከን ነው። ይህን ናሙና ደግሞ እንዳትሸመድዱት! የተሸመደደ ነገር ፈታኞቹ ከሩቅ ይሸታቸዋል። አካሄዱን ውሰዱ፣ ቃሉን ተዉት።»

ሌሎቹ ሲወጡ ነርሷ ወደኋላ ቀረች።

«ቲቸር፣ እዚህ ላይ የምታስለው እናት የማን ናት?»

«የማንም። ምሳሌ ናት።»

«ምሳሌ ሌሊት ሌሊት ብቻ አያስላትም፣ ስትተነፍስም ፉጨት የለባትም። ይሄን ያየ ሰው ነው የጻፈው።»

ኮማ መሬት መሬት አየ። «የኔ ናት።»

«ለአከራዩ ነግረኸዋል?»

«የአባቴ ጓደኛ ናቸው እኮ።»

«ሻጋታ ዝምድና አያውቅም» አለች። ሰው መውቀስ የማትችለው ሴት ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ሐኪም ቤት ውሰዳት። ግን ግድግዳው ካልደረቀ መድኃኒቱ ብቻውን ምን ይሠራል?»

ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ሐኪሙም ያንኑ ደገመ። ሲመለሱ አከራዩ በሩ ላይ ቆመው አገኟቸው።

«እናትህ እንዴት ናት፣ ልጄ? ቤቱስ ተስማማችሁ?»

«ደህና ናት፣ ጋሼ። ምንም አይል።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የነርሷ ደብዳቤ ትዝ አለውና በራሱ አፈረ። በአፉ እንደማይሆንለት ስላወቀ ናሙናውን ቁጭ ብሎ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ለእናቱም ሳይነግር በአከራዩ በር ሥር አስገባው።

አከራዩ ወረቀቱን ይዘው ሲመጡ እናትየው ሻይ ልታፈላ ተነስታ ነበር። አልተቀመጡም። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡላት።

«‹ክቡር ሆይ› ይላል። እኔን ነው። ‹አስቸኳይ እርምጃ እንዲወስዱ በጥብቅ አሳስባለሁ።› ማንን ነው የምታሳስበው፣ አንተ? አባትህ ሲታመም በጀርባዬ አዝዬ ሐኪም ቤት ያደረስኩት ሰው፣ ከግቢዬ ወደ ግቢዬ ደብዳቤ ይጻፍብኝ?»

እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ልጄ፣ ምን አደረግህ? እኔ አላወቅሁም፣ በእውነት አላወቅሁም...» ልትጨርሰው አልቻለችም፤ ሳሉ ያዛት። ያዘና አለቅም አለ። ኮማ ደግፎ አስቀመጣት፤ ደረቷ ሲፎጭ ሦስቱም ይሰማሉ።

አከራዩ ወረቀቱን ዝቅ አደረጉ። ሳይጋበዙ ወደ መኝታ ክፍሏ ገቡና ግድግዳው ላይ እጃቸውን ጫኑ። መዳፋቸው ረጥቦ፣ ጥቁር ይዞ ተመለሰ። ወረቀቱን እንደያዙ ወጡ።

ቧንቧ ሠራተኛው በማግሥቱ መጣ። ግድግዳው ሲፈነቀል ከጀርባው ወደ አከራዩ መታጠቢያ የሚሄደው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ተቀየረ፤ ግድግዳው ክፍት ሆኖ ደረቀ፤ ተለስኖ ተቀባ። እናቱ ሌሊቱን መተኛት ጀመረች።

ኮማ ሊያመሰግን ሄደ። አከራዩ ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሉት፤ ለእሱ ተነስተው አያውቁም።

«ቧንቧው ተሠርቷል። ሌላ ጉድለት ካለ በጽሑፍ ያሳውቁኝ።»

ያሳውቁኝ! አንቱ መባሉ ከጥፊ ባሰበት። «ጋሼ፣ አጠፋሁ። በቃሌ መንገር ነበረብኝ» አለ።

«የጻፉት እውነት ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ውጭ እያዩ። «ሐሰት ቢሆን ተቆጥቼ እረሳው ነበር። ሴትዮዋ ከአጠገቤ ስትታመም ሳላይ ቀረሁ፤ አንድ ጥፋት። እርስዎ ደግሞ በየቀኑ ‹ደህና ናት› እያሉ አለፉኝ። እኔ ይህን ያህል ችግር የማይነገረኝ ሰው ነበርኩ?»

ኮማ እጅ ነስቶ ወጣ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነርሷ ደወለችለት። ፈተናው ላይ የመጣባት ጥያቄ የአከራይ አልነበረም፤ ለጎረቤት ስለሚረብሽ ጩኸት ጻፉ የሚል ነው። «ካንተ ናሙና አንድ ቃል አልወሰድኩም። ዝም ብዬ ተቆጣሁ፣ በትሕትና!» ብላ ሳቀች። አልፋለች። «እማማስ?»

«አሁን ደህና ናት» አለ፤ በዚህኛው ጊዜ እውነቱን ነበር።

ስልኩን ዘግቶ ወደ ግቢው ሲገባ አከራዩ በረንዳቸው ላይ ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። እጅ ነሳ። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አነሱለት፣ ለእንግዳ ሰው እንደሚነሳው። እናቱ ይህን በመስኮት አይታ «ጊዜ ይፈታዋል፣ ልጄ» አለችው። እሱ ግን እስኪፈታ ድረስ ማታ ማታ የመግቢያው ሰዓት ይከብደዋል፤ ከበሩ እስከ ክፍላቸው ያለችው አጭር መንገድ ረዝማበታለች።