ሦስት ቃል ለፍራሽ

በማስታወቂያ ድርጅቱ ውስጥ ሁሉም «መቀስ» ይሏታል። ሌላው በሁለት መስመር የጻፈውን እሷ ወደ አራት ቃል ስለምታወርደው ነው። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነው። ዐረብኛ የእናቷ ቋንቋ ነው፤ እናቷ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ጎረቤቶች ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። አንዲት ጎረቤት መጥታ «ለምን ጠፋህ በይልኝ» ካለች፣ እናትየው ወረቀቱ ላይ «ዓይናችን በር በሩን ሲያይ ደከመ» ብላ ትጽፋለች። ጎረቤቲቱ ሲነበብላት «አዎ፣ እሱን ማለቴ ነው» ብላ ታለቅሳለች። መቀስ ሙያዋን የተማረችው እዚያ ነው።

ባሏ የዐረብኛ ጋዜጣ አራሚ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ የደም ሥር ተዘጋበትና ቀኝ ጎኑ ዛለ፣ ምላሱም ተሳሰረ። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ «መንገድ ላይ የምታየውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብለህ አንብብ» ስላለችው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሆስፒታል ሲሄዱ በታክሲው መስኮት የመድኃኒት ቤቱን፣ የጎማ መሸጫውን፣ የጥርስ ሐኪሙን ሰሌዳ እየተንተባተበ ያነባል። የፊደል ስህተት ሲያገኝ ደግሞ በግራ እጁ ጉልበቷን መታ ያደርጋል። ያን ቀን ደስ ብሏት ትውላለች።

አንድ ሰኞ የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊው፣ ልጅ እግር ፈጣን ሰው፣ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ደንበኛው የፍራሽ ፋብሪካ ነው። ውጭ አገር ያለው ዋና ኩባንያ የላከው የእንግሊዝኛ መፈክር አለ፤ ሐሳቡ «አንዴ ከተኛህበት መነሳት አያምርህም» ነው።

«ለዐረብኛው ገበያ ለሐሙስ ይድረስልኝ፣ እትዬ» አላት። «አጭር ነገር ናት፣ ላንቺ የአንድ ሰዓት ሥራ።»

ሦስት ቀን ፈጀባት። እንግሊዝኛው ቀልድ ነው፤ ስንፍናን ያሞካሻል። በዐረብኛ ግን ሰው ከሕመሙ ሲድን «ተነሳ» ይባላል። «ከተኛበት አልተነሳም» ከተባለ ሞቷል ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉን ትታ ፍራሽ ገዥው ምን እንዲሰማው እንደተፈለገ ጠየቀች። በሙያው ትራንስክሪኤሽን የሚሉት ይሄንን ነው፤ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ስሜቱን ይዞ መፈክሩን እንደ አዲስ መጻፍ። ሃያ ስድስት ሙከራ ሰርዛ «ሰባሑክ የብደእ ሚን ለይልክ» ላይ ደረሰች፤ «ንጋትህ ከሌሊትህ ይጀምራል» ማለት ነው። ዐረብኛው የአናባቢ ምልክት ሳይደረግበት ሲጻፍ ወንዱም «ንጋትህ»፣ ሴቷም «ንጋትሽ» ብላ ታነበዋለች። ለቤት ፍራሽ የምትመርጠው ብዙ ጊዜ ሴቷ ናትና ለዚህ ተጨነቀችበት።

ከሌሎች ሁለት አማራጮች ጋር በሠንጠረዥ አሰናዳችው። በአንዱ ዓምድ መፈክሩን፣ በሌላው ዐረብኛ የማያውቅ እንዲረዳው ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰውን፣ በመጨረሻው ደግሞ ምክንያቷን ጻፈች። ቃል በቃል መተርጎም ለምን እንደማይሆንም ከታች በቀይ አሰፈረች።

ሐሙስ በፋብሪካው መሰብሰቢያ ክፍል የፋብሪካው የገበያ ኃላፊ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰውን ዓምድ ብቻ አነበበች።

«'መነሳት' የት ሄደ?»

«በዐረብኛ ከበሽታ ጋር ይያያዛል» አለች መቀስ። «እዚህ ጽፌዋለሁ፣ ቢያዩት።»

«እኛ የከፈልነው ለመፈክራችን ነው እንጂ ለአዲስ ግጥም አይደለም። ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄን ሲያይ ምን ልበለው?»

ከዚያ ዐረብኛ የሚያውቅ የመጋዘን ኃላፊ ተጠራ። ወፍራም፣ ትሁት ሰው ነው። ወረቀቱን አራት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ።

«ያምራል» አለ። «'መነሳት' ግን የለበትም።»

«በል እንግዲህ ያለበትን ጻፍልን፤ ሰሌዳው ላይ ቦታ ስለሌለ ከሦስት ቃል አይብለጥ» አለችው የገበያ ኃላፊዋ።

ሰውየው ላቡን ጠረገና «ለን ተቁም ሚንሁ» ብሎ ጻፈ። ከእሱ አትነሳም።

«ወንድሜ» አለችው መቀስ በዐረብኛ፣ «ይሄ የታመመ ሰው ቤት ቢነበብ ምን ይባላል?»

ቀና ብሎ አያት። ገብቶታል። ዓይኑን ወደ ገበያ ኃላፊዋ መለሰና «ቃሉ ልክ ነው» አለ።

አርብ ዕለት የማስታወቂያ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የማጽደቂያ ቅጹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«አልፈርምም» አለችው።

«የፊደል ስህተት አለበት?»

«የለበትም።»

«ቅጹ የሚለው እሱን ነው፤ ከፊደል ስህተት የጸዳ። እባክሽ መቀስዬ፣ ደንበኛውን አታሳጪኝ።»

የባሏን ሕክምና የሚሸፍነው የመሥሪያ ቤቱ መድን ነው። ፈረመች።

ሰሌዳዎቹ በአንድ ቅዳሜ ዐረብኛ ተናጋሪ በሚበዛባቸው ሰፈሮች ተሰቀሉ። ትልቁ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት መሰቀሉን ማንም አልነገራትም። ማክሰኞ ታክሲው በሩ ላይ ሲቆም ባሏ አንገቱን አውጥቶ ነጩን ፍራሽና ፈገግ ያለችውን ሴት አየ። ቃሉን እንደ ልማዱ አንድ በአንድ አወጣው።

«ለን… ተቁም… ሚንሁ።»

በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አጥርቶ አንብቦ አያውቅም። ወደ እሷ ዞረ።

«ያንቺ… መሥሪያ ቤት ነው?»

«አዎ።»

«አንቺ… አየሽው?»

«ፈርሜበታለሁ» አለችው።

ከታክሲው ሲወርድ ክንዷን አልያዘም፤ በበሩ እጀታ ተደግፎ፣ እግሩን እየጎተተ ብቻውን ሊወጣ ሞከረ። ሊወድቅ ሲል ነጂው ደገፈው።

በሳምንቱ የሰሌዳው ፎቶ ስልክ ለስልክ ዞረ። አንዱ ከሥሩ «የቀብር አገልግሎትን ይጨምራል» ብሎ ጻፈበት። እናቷ እዚያው ሆስፒታል የተኛችባት አንዲት ሴት ፋብሪካው ድረስ ሄዳ አለቀሰች። ሰሌዳዎቹ ወረዱ። ፋብሪካው ይቅርታ ጠየቀ፤ ድርጅቱም ለፋብሪካው «የተርጓሚዋ ስህተት» የሚል ደብዳቤ ጻፈ።

መቀስ ሠንጠረዡንና በቀይ የጻፈችውን አትማ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። አነበበው፤ ቀድሞም አንብቦት ነበር።

«አውቃለሁ» አላት። «እውነቱ ካንቺ ጋር ነው። ፊርማውም ግን ያንቺ ነው።»

«የፊደል ነው ያልከኝ።»

«ደንበኛው ፊርማሽን እንደዚያ አያነበውም።»

ከሥራ ተሰናብታ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበትን ጠረጴዛ ዕቃ በአንድ ካርቶን አጠቃልላ ወጣች። የመጋዘን ኃላፊው ስልኳን አፈላልጎ ደወለና «ይቅር በይኝ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አላት። «ይቅር ይበልህ» አለችው። ከልቧ ግን አልነበረም።

አሁን የሕክምና መሣሪያ ለሚያስመጡ ሰዎች የአጠቃቀም መመሪያ ትተረጉማለች። እዚያ አንድ ቃል መቀነስም መጨመርም አይፈቀድም። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ማንም አይከራከራትም፣ ማንም «መቀስ» አይላትም። መድኑ ስለቀረ የንግግር ባለሙያዋን ትተው ቤት ውስጥ ራሳቸው ይለማመዳሉ። ባሏ የሚያነበው መመሪያዎቿን ነው፤ «ገመዱን ከመሰኪያው ይንቀሉ» ይላል፣ ደግሞ ይለዋል። ስለ ሰሌዳው አንስተው አያውቁም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሾርባ እያጎረሰችው ሳለ «ያንቺው… የመጀመሪያው መፈክር… ምን ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። ማንኪያው አፉ ጋ ቆሞ ብዙ አሰበና «ያራሚ ሥራ… የለበትም» አላት። እሷ ወደ ማድ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ቆመች።

ባለፈው ወር የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊው ደወለላት።

«እትዬ፣ እንደ ታላቅ እህት ነው የማስቸግርሽ። የጥርስ ሳሙና ነው፣ አንዲት መስመር ናት። አዲሱ ልጅ ቃል በቃል አድርጎ አበላሽቶብኛል። ስምሽ ግን አይነሳም፣ ደንበኛው እንዳይሰማ።»

መፈክሩን አነበበላት። ገና ሳይጨርስ ዐረብኛው መጣላት፤ አምስት ቃል፣ ቤት የሚመታ፣ ለወንድም ለሴትም የሚሆን። ምላሷ ላይ ደረሰ።

«አልመጣልኝም» አለችውና ስልኩን ዘጋች።