የአባባ ሁለት መርሳት

አባቴ አራዳ ገበያ ዳር ካባ ሰፊ ነበሩ። ሲያረጁ የደንበኛ ስም ይጠፋቸው ጀመር። «ያ ጥርሱ የወለቀው፣ የወሎው…» እያሉ ይቆዩና ዙሁር ሰግደው ሲነሡ ስሙን እየሳቁ ይነግሩኛል። መቀሳቸውን ይጥላሉ፤ ፈልገውም ያገኙታል። እርጅና ነው ብዬ አልተጨነቅሁም።

አንድ ክረምት ግን ዓርብ ደኅና ዋሉ፤ ቅዳሜ ሌላ ሰው ሆኑ። ግድግዳው ላይ የሞተ ወንድማቸውን እያዩ «ግባ እንጂ፣ ዝናቡ አበሰበሰህ!» ይላሉ። ወሬ ጀምረው መሐል ላይ ያንቀላፋሉ። ጠዋት ያውቁኛል፤ ከሰዓት በኋላ ዓይናቸው እኔን አልፎ ይሄዳል። ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። አጠራራቸው ግን እውነት ስለ ነበረ፣ ለአጎቴ መቀመጫ ላስጠጋ ምንም አልቀረኝ።

አንዷ ጎረቤት «ጂን ነው» አለች። ሌላዋ «ጃጅተዋል፣ ተያቸው» አለች። ባለቤቴ ግን ፒያሳ ያለውን አርመን ሐኪም ይዞ መጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ ሐኪሙ።

«ከቅዳሜ። ዓርብ ደኅና ነበሩ።»

አባባን የሳምንቱን ቀኖች ወደ ኋላ እንዲቆጥሩለት ጠየቃቸው። «እሑድ፣ ቅዳሜ…» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሐኪሙ ግንባራቸውን ዳሰሰ፤ እንደ እሳት ይፋጃል። እምብርታቸው ሥር ሲነካቸው ጮኹ።

«ይህ እርጅና አይደለም» አለ። «እርጅና ሰውን በአንድ ቀን አይለውጥም። ሽንታቸው ታግዶ መርቅዟል፤ አእምሯቸውን የበጠበጠው እሱ ነው።»

በፈላ ውሃ የተቀቀለ የጎማ ቱቦ አስገብቶ ሽንታቸውን አወጣ። ውሃ ቶሎ ቶሎ እንዳጠጣቸው፣ የሚያውቁት ሰውም ከአጠገባቸው እንዳይለይ አዘዘኝ። እየተመላለሰ አያቸው። ትኩሳቱ ሲበርድ ግድግዳውም ዝም አለ።

«መርሳታቸው ምን እንደ ሆነ ገና አትፍረዱ» አለኝ ሲሰናበት። «ድነው ሳሉ መርሳቱ ቀስ እያለ ከጨመረ ጥሩኝ።»

ጨመረ። ዓመት ሳይሞላ ካባ ሲሰፉ አንገቱን በጫፉ በኩል አደረጉት። ከመስጊድ ሲመለሱ የኖሩበት መንገድ ጠፋቸው። የነገርኳቸውን ወዲያው መልሰው ይጠይቃሉ፤ ብጠቁማቸውም አይመጣላቸውም። ትኩሳት የለም፤ ዓይናቸውም ንቁ ነው።

ሐኪሙ መጥቶ እንደ ገና መረመራቸው። ቀኖቹን ወደ ኋላ አሳምረው ቆጠሩ። ጥቂት ቆይቶ «ቅድም ምን ጠየቅሁዎ?» ሲላቸው፣ «አሁን መምጣትህ አይደለም?» አሉት በትሕትና።

ደጅ ወጥተን «ይህ ሌላው መርሳት ነው» አለኝ። «መድኃኒት የለኝም። ብቻቸውን አይውጡ። ድንገት ከባሰባቸው ግን ያው ነው ብለሽ አትተይ፤ ጥሪኝ።»

ኋላ ኋላ፣ ቤታቸው ተቀምጠው «ቤቴ ውሰጂኝ» ይሉኝ ጀመር። መጨቃጨቁ እንደሚያስደነግጣቸው ስላወቅሁ እጃቸውን ይዤ እስከ ገበያው ጥግ እሄድና እመልሳቸዋለሁ። አንድ ቀን ስንመለስ ደጃፉን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አላህ ይስጥሽ፣ አደረስሽኝ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የእርስዎ ነኝ፣ አባባ።»

እንግዳ እንዳይከፋው እንደሚጠነቀቅ ሰው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ ቀድሜ እንድገባ ዞር አሉልኝ።